በባዶ ሳሎን ፎቶ ላይ ያስገባሁት ሶፋ ለምን ይንሳፈፋል?

ባዶ ሳሎን (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭና ለኪራይ የሚቀርቡ አፓርታማዎችን ፎቶ አነሳለሁ። አብዛኞቹ ግንባታቸው ገና ያለቀ ስለሆነ ባዶ ናቸው። ባዶ ሳሎን በፎቶ ሲታይ መጋዘን ይመስላል፤ ባለቤቶቹም «ዕቃ አስገባበት» ይሉኛል። ስለዚህ የሶፋ፣ የምንጣፍና የአበባ ማሰሮ ምስሎችን እየፈለግሁ በፎቶሾፕ አስገባለሁ።

አሁን የያዝሁት ፎቶ ስፋቱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክሰል ነው። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ነበር፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አላዘነበለም፤ የማቆሚያው ከፍታ ግን አልተመዘገበም። ወለሉ የሚያብረቀርቅ 60 በ60 ሴራሚክ ነው። መስኮቱ በግራ በኩል ነው፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ በር አለ። ሶፋው በእውነት ቢገዛ 220 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 85 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። በሩ 210 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ስለማውቅ የሶፋውን መጠን በበሩ ለካሁት። ውጤቱ ግን የሕፃናት ዕቃ ይመስላል። ከፍ ሳደርገው ደግሞ ወደ ፊት የሚወድቅ ይመስላል፤ ጥላ ብሠራለትም ከወለሉ ላይ ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ነው የሚመስለው። በጥጉ ላይ ያስቀመጥሁት ተክልም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሆኗል። ችግሩ የት ነው?

ዕቃ አከራይ

ወንድሜ፣ እኛ ጋ ሙሉ የሳሎን ዕቃ ለአንድ ቀንም ቢሆን እናከራያለን። ጫኝና አውራጅ አብሮ አለ። ፎቶህን አንሥተህ ዕቃውን ትመልሳለህ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍቱ ይሠራል?

ባዶ ሳሎን

አመሰግናለሁ፤ ግን የጠየቅሁት በኮምፒውተር ስለሚገባ ዕቃ ነው። ሊፍቱ ገና አልተገጠመም።

የሠፈር ደላላ

በበሩ መለካትህ ትክክል ነው፣ እኔም አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። በር ሁልጊዜ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ሶፋ ደግሞ ከበሩ ግማሽ በታች ነው። ሶፋውን በሩ አጠገብ ወስደህ ቁመቱን አስተካክል፣ ከዚያ ወደምትፈልገው ቦታ ጎትተው። ትንሽ ከመሰለህ ዓይንህ አልለመደውም ማለት ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ሶፋው ትንሽ ሲሆን ሳሎኑ ሰፊ ይመስላል። ማን ይጠላል?

ወለልና ግድግዳ

ደላላው ያሉት ግማሹ ልክ ነው፣ ያልተባለው ግማሽ ግን ሥራውን የሚያበላሸው ነው። በሩ የሚነግርህ በሩ የቆመበትን ቦታ መጠን ብቻ ነው። ሶፋው ከበሩ ወደ ካሜራው የቀረበ ከሆነ በሴንቲ ሜትር የሚይዘው ፒክሰል ከበሩ ይበልጣል። ወደ ፊት ጎትቶ ማምጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ በመጣ ቁጥር ማደግ አለበት። ምን ያህል ማደግ እንዳለበት ደግሞ በዓይን ግምት አይወሰንም።

ሁለት ነገሮችን ንገረኝ። አንደኛ፣ በጥልቀት ወደ ውስጥ የሚሄዱትን የሴራሚክ መስመሮች በቀጭን መስመር እያራዘምህ የት እንደሚገናኙ ተመልከት። የሚገናኙበት ነጥብ ከፎቶው የላይኛው ጫፍ ወደ ታች ስንት ፒክሰል ላይ ነው? ሁለተኛ፣ የበሩ የላይኛው ጠርዝና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስንት ስንት ላይ ናቸው? ሶፋውን ልታቆም ያሰብህበትንም ቦታ ጨምርልኝ።

ባዶ ሳሎን

መስመሮቹ 1500 ላይ ይገናኛሉ፣ ልክ የፎቶው ወገብ ላይ። የበሩ አናት 1220 ላይ ነው፣ ወለሉን የሚነካው 2060 ላይ። የሶፋው የፊት እግሮች 2300 ላይ እንዲያርፉ ነው የፈለግሁት። ጀርባው ወደ በሩ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ እኛ ነው።

ወለልና ግድግዳ

ጥሩ። በ1500 ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አግድም መስመር አስምርበት። ይህ የአድማስ መስመር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የካሜራው ከፍታ ያለበትን ቦታ ሁሉ ያሳያል። ካሜራው ሳያዘነብል ከተነሣ፣ በወለሉ ላይ የቆመ ቁመቱ ከካሜራው ጋር እኩል የሆነ ነገር ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ አናቱ ይህንን መስመር ይነካል።

አሁን በሩን እንጠይቀው። በሩ በጠቅላላው 840 ፒክሰል ነው፤ 210 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 4 ፒክሰል ይይዛል ማለት ነው። ከወለሉ እስከ አድማሱ ያለው 560 ፒክሰል ነው። ለ4 ስታካፍለው 140 ይመጣል። ካሜራህ 140 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር፤ ማቆሚያውን ባትለካውም ፎቶው ራሱ ነገረን።

ከዚህ በኋላ በሩን እርሳው። ለማንኛውም የወለል ነጥብ ስሌቱ ይህ ነው፦

```
ፒክሰል በሴንቲ ሜትር = (የወለሉ ነጥብ − አድማሱ) ÷ የካሜራ ከፍታ
ለሶፋው፦ (2300 − 1500) ÷ 140 = 5.71
```

ስለዚህ 220 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሶፋ የፊት ስፋቱ 1257 ፒክሰል ገደማ መሆን አለበት። አንተ በበሩ ስለለካኸው 880 ፒክሰል አድርገኸዋል። በዚያ ቦታ ላይ 880 ፒክሰል ማለት 154 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ ሦስት ሰው ሶፋህ ወደ ባለ ሁለት ሰው ሶፋ ጠቦ ነበር፤ የሕፃናት ዕቃ የመሰለህም በትክክል አይተህ ነው።

ባዶ ሳሎን

ስፋቱን 1257 አደረግሁት። አሁን መጠኑ ያሳምናል። ነገር ግን ወደ ፊት የሚወድቅ መምሰሉ አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ወለልና ግድግዳ

የሶፋውን ምስል ከየት አገኘኸው? ከዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ከሆነ መልሱ እዚያ አለ። እንዲህ ያሉ ምስሎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ካሜራውን በሶፋው መቀመጫ አካባቢ ዝቅ አድርገው፣ ከሩቅ ነው። ሶፋው ግርማ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። አንተ ደግሞ ሳሎኑን ከ140 ሴንቲ ሜትር ቁልቁል አይተኸዋል።

ሶፋ ሣጥን ነው፣ ወረቀት አይደለም። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንተ ፎቶ 2043 ላይ ይወድቃል። ያው መቀመጫ ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ገብቶ መደገፊያውን ሲነካ፣ እንደ ሌንስህ ስፋት፣ 1970 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ተቀማጩ የሚቀመጥበት ገጽ ነው፣ መታየትም አለበት። በምስልህ ላይ ይህ ገጽ እንደ ቀጭን መስመር ከታየ ሶፋው ከእኛ ከፍታ አልታየም። ወለሉን ቁልቁል እያየን ሶፋውን ፊት ለፊት እያየን ነው፤ ዓይን ይህንን ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው «እየወደቀ ነው» ብሎ ይፈርዳል። መጠኑን ብትቀያይር መፍትሔ የለውም። ምስሉን ቀይረው።

ባለ ሦስት ገጽታ

እዚህ ላይ ልግባ። ወለልና ግድግዳ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ ሶፋ ትክክለኛ ከፍታ ያለው ምስል ሲፈለግ ዕድሜ ያልቃል። እኔ `fSpy` በተባለ ነጻ ፕሮግራም የፎቶውን ካሜራ አወጣለሁ። በሴራሚኩ ሁለት አቅጣጫዎች መስመር ትዘረጋለህ፣ የበሩን ቁመት 2.1 ሜትር ብለህ ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ የሦስት ገጽታ ሞዴል ወደሚሠራበት ፕሮግራም፣ ወደ `Blender`፣ ታስገባዋለህ። የምታስገባው የሶፋ ሞዴል 220 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተሠራ ከሆነ የትም ብታቆመው መጠኑም እይታውም ራሱ ይስተካከላል። ወለሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ዘርግተህ `Shadow Catcher` የሚለውን ስትመርጥለት ገጹ ራሱ አይታይም፣ የወደቀበትን ጥላ ብቻ ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶውን ሳትቆርጥ አስገባ። ፕሮግራሙ ካልነገርኸው በቀር የሌንሱ መሐል የፎቶው መሐል ነው ብሎ ነው የሚነሣው። ከላይ ጣሪያውን ቆርጠህ ካመጣኸው ስሌቱ ይዛባል፣ የሶፋው መዛባት ግን ከየት እንደመጣ አታውቀውም። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ከሆነ ደግሞ የተጠማዘዙትን መስመሮች አስቀድመህ አቃናቸው።

ፈጣን እጅ

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? እኔ ባዶውን ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እሰጣለሁ፣ «ዘመናዊ ሳሎን» ብዬ እጽፋለሁ፣ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ አበባው፣ ጥላው ሁሉ ተሠርቶ ይመጣል። ጥላው ደግሞ እዚህ በእጅ ከሚሠራው ያምራል። ደንበኛ ቅሬታ አቅርቦብኝ አያውቅም።

ወለልና ግድግዳ

ጥላው እንደሚያምር እመሰክራለሁ፤ በዚህ በኩል ብዙ ሰው በእጁ ከሚሠራው ይሻላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያመጣልህ ሶፋ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? መሣሪያው ሶፋውን የሚስለው ለቦታው እንዲያምር አድርጎ ነው፤ ቦታው ጠባብ ከሆነ ጠባብ ሶፋ ይስላል። እንዲህ ያለ ሶፋ በየትኛውም ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል። በተጨማሪም ባዶውንና የተሠራውን ፎቶ ደርበህ አንዱን እያበራህ አንዱን እያጠፋህ ተመልከት። የሶኬቱ ቦታ፣ ዞኮሎው፣ የመስኮቱ ፍሬም፣ የሴራሚኩ ብዛት ሳይቀር ተቀይሮ ታገኘዋለህ። ዕቃ መጨመር አንድ ነገር ነው፣ ቤቱን መቀየር ሌላ ነገር ነው።

ፈጣን እጅ

አንድ ጊዜ በር ጠፍቶብኝ ነበር፣ አልክድም። አሁን ግን ዕቃው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ከልዬ ነው የምሰጠው፤ ከክልሉ ውጭ ያለውን አይነካም። የሴንቲ ሜትሩን ነገር ግን እኔ እንደ እናንተ አላካብደውም። ገዢው የሚያየው ስሜቱን ነው፣ ሜትር ይዞ ፎቶ የሚለካ ሰው የለም።

ከቨርጂኒያ

እኔ ሜትር ይዘው ከሚለኩት ነኝ። ለእናቴ አዲስ አበባ ቤት ስፈልግ የማየው በፎቶ ብቻ ነበር። አንድ ደላላ የላከልኝ መኝታ ክፍል ውስጥ ትልቅ አልጋ፣ በሁለቱም ጎን ኮመዲኖ፣ ከፊት ለፊቱ ቁምሳጥን ነበር። ቀብድ ተከፈለ። የወንድሜ ልጅ ሄዶ ሲለካው አልጋው ከገባ የቁምሳጥኑ በር አይከፈትም። ፎቶው ላይ ያለው አልጋ የተሳለ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሴራሚኩን መቁጠር ጀመርሁ። ወለሉ 60 በ60 መሆኑን ከጠየቅሁ፣ 220 ሴንቲ ሜትር የተባለ ሶፋ ከፊት እግሮቹ ሥር ወደ ሦስት ተኩል ሴራሚክ፣ ትንሽም ከዚያ በላይ መያዝ አለበት። ሁለት ተኩል ብቻ ከያዘ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ውሸት ነው ማለት ነው። ስሌቱን አላውቅም ነበር፣ ሴራሚክ መቁጠር ግን ማንም ይችላል።

ወለልና ግድግዳ

እህቴ፣ ከእኔ ስሌት የአንቺ ይቀላል፤ ባዶ ሳሎንም መጨረሻ ላይ ሥራውን በዚህ ቢፈትሽ እወዳለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የሚቆጠረው እግሮቹ ወለሉን በነኩበት መስመር ላይ ያለው ሴራሚክ ነው። የሶፋው አካል የሚሸፍነውን ከቆጠርሽ ከኋላው ያለውንም ትጨምሪበታለሽ፣ ሶፋው ከእውነቱ ይበልጥብሻል።

የሠፈር ደላላ

ደላላ ሁሉ ሌባ አይደለም። «ዕቃው ለማሳያ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ከቨርጂኒያ

በትንንሽ ፊደል ከታች? እዚህ አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ከጥር ወር 2026 መግቢያ ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች። ፎቶው ዕቃ ተጨምሮበት ወይም ተነሥቶለት ከሆነ ማስታወቂያው ላይ መገለጽ አለበት፣ ያልተነካውንም ፎቶ ገዢው ማየት መቻል አለበት። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ባዶውን አሳዩኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ሶፋ አስገቡበት።

ባዶ ሳሎን

ሁለቱንም ጎን ለጎን መላክ ለእኔ ከባድ አይደለም፣ ባለቤቶቹን ማሳመኑ ነው እንጂ። አሁን ሌላ የሶፋ ምስል አግኝቻለሁ፣ መቀመጫው በደንብ ይታያል፣ በስሌቱ አስገባሁት። መውደቁ ቆመ። መንሳፈፉ ግን አለ። ከሥሩ ጥቁር ብሩሽ በደብዛዛው ቀብቻለሁ፣ ወደ ቀኝም የሚሄድ ጥላ አለው።

ወለልና ግድግዳ

አንዱ ጥላ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ስለጠየቅኸው ነው። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ወደ ቀኝ የሚጥለው ሰፊና ፈዛዛ ጥላ ሶፋው ብርሃን እንደከለለ ይናገራል። ወለሉን እንደነካ የሚናገረው ግን ሌላ ነው፦ እግሩና ሴራሚኩ በተገናኙበት ቦታ ብርሃን የማይደርስበት ስስ ጨለማ። ይህ ጥቂት ፒክሰል ብቻ ነው፣ ጠርዙ ስል ነው፣ ከሁሉም ይጠቁራል፣ ከእግሩ በራቀ ቁጥርም ቶሎ ይጠፋል። አንተ በትልቅ ደብዛዛ ብሩሽ ስለቀባህ በጣም ጨለማ መሆን ያለበት ቦታና ከዚያ አሥር ሴንቲ ሜትር የራቀው ቦታ እኩል ሆነዋል። ዓይን ይህንን ሲያይ በእግሩና በወለሉ መካከል አየር አለ ይላል።

ስለዚህ በተለያዩ ንብርብሮች ሥራው፣ ሁሉንም በ`Multiply`። መጀመሪያ እግሮቹ ሥር ያለውን ስስ መስመር በትንሽ ብሩሽ። ቀጥሎ በሶፋው ሆድ ሥር ያለውን ጨለማ። መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ የሚዘረጋውን ፈዛዛ። ቀለሙ ንጹሕ ጥቁር አይሁን፤ በሩ ወለሉን ከሚነካበት ስንጥቅ ላይ ቀለም ቅዳ። በፎቶው ውስጥ ካለው እውነተኛ ጨለማ የበለጠ የጠቆረ ጥላ ራሱን ያጋልጣል።

ባለ ሦስት ገጽታ

የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው ብለሃል፣ ስለዚህ ጥላ ብቻውን አያድንህም። ባለፈው አንድ ሥራ ላይ ከሶፋው በስተጀርባ የበረንዳ በር ነበር፣ ብርሃኑም ወለሉ ላይ እስከ ካሜራው ድረስ ይዘልቅ ነበር። ጥላው፣ መጠኑ፣ ሁሉም ልክ ነበር፤ ሶፋው ግን መንፈስ ይመስል ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፦ ከሶፋው ፊት ያለው ወለል አሁንም የበሩን ብርሃን ያንጸባርቅ ነበር። ሶፋው በእውነት እዚያ ቢቆም ያንን ነጸብራቅ ይቆርጠው ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የብርሃኑን ነጸብራቅ አጥፍቶ የሶፋውን ነጸብራቅ መተካት ያስፈልጋል።

ባዶ ሳሎን

ነጸብራቁን የሶፋውን ምስል ገልብጬ ከሥሩ ባስቀምጠውስ?

ባለ ሦስት ገጽታ

የፊት እግሮቹ ይገጥሙልሃል፣ የኋላዎቹ ግን አይገጥሙም። እያንዳንዱ እግር የሚገለበጠው ራሱ ወለሉን ከነካበት ነጥብ ነው፣ የኋላዎቹ ደግሞ በፎቶው ላይ ከፍ ብለው ነው የሚነኩት። ዝቅተኛ ሶፋ ከሆነና የኋላ እግሮቹ ካልታዩ የፊቱን ገልብጠህ፣ ከወለሉ በራቀ ቁጥር እያደበዘዝህ በጣም ስስ አድርገህ ማለፍ ይቻላል። ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ግን ወዲያው ይታወቅብሃል፤ እነሱን በሞዴል ሥራቸው።

ባዶ ሳሎን

እግሮቹን ለየብቻ ሠራሁ። ሶፋው ወለሉ ላይ ተቀመጠ! ተክሉስ? ማሰሮው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ቁመት ነው፣ ከነቅጠሉ 180 ይሆናል። ከካሜራው ወደ 4 ሜትር ይርቃል።

ወለልና ግድግዳ

ቁመቱ 180 ከሆነ ቅጠሉ የአድማሱን መስመር አልፎ መውጣት አለበት፤ ካሜራህ 140 ላይ ነበርና። ከመስመሩ በታች ከቀረ ተክሉ አጥሯል። ይህ በአንድ እይታ ይታያል።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያስመሰለው ግን የማሰሮው አፍ ይመስለኛል። ክብ አፍ ከላይ ሲታይ ሞላላ ይሆናል፣ የሞላላው ቅርፅም በከፍታህ ይወሰናል። የማሰሮው አፍ ከካሜራው 100 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 4 ሜትር ከራቀ፣ የሞላላው ቁመት የስፋቱን ሩብ ያህል ይሆናል። የታችኛው ክብ 140 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚያ ይበልጥ ይከፈታል፣ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ስለዚህ የማሰሮው ግርጌ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን አይችልም፤ ወደ እኛ የጎበጠ መሆን አለበት። የአንተ ማሰሮ ግርጌው ቀጥ ያለ ነው?

ባዶ ሳሎን

አዎ፣ በመሪ የተሰመረ ይመስላል። አፉም ስንጥቅ ነው፣ አፈሩ አይታይም።

ወለልና ግድግዳ

እንግዲያው እሱም ዝቅ ተብሎ ነው የተነሣው። ማሰሮውን ብቻ ቀይር፣ ቅጠሉን ማቆየት ትችላለህ፤ ቅጠል ብዙ ይቅር ይላል። የግርጌውን ስስ ጨለማ ደግሞ ጉብጠቱን ተከትለህ ሥራው።

ፈጣን እጅ

ቅጠሉን ለመሣሪያው ብትሰጠው ጠርዙ ላይ የቀረውን ነጭ ያጠፋልሃል። ማሰሮውን እናንተ ሥሩ፣ ቅጠሉን እኔ ልሥራ፤ በዚህ እንስማማ።

ወለልና ግድግዳ

ቅጠሉን ልቀቅለት። ሶፋውን ግን አልሰጥህም።

ባዶ ሳሎን

ሌላ ጥያቄ፦ የሚቀጥለው ሳሎን በግራም በፊትም መስኮት አለው፣ የጣሪያ መብራቱም በርቶ ነው የተነሣው። ጥላው ወደየት ይሄዳል?

ወለልና ግድግዳ

መብራቱን አጥፍተህ እንደገና ማንሣት ትችላለህ?

ባዶ ሳሎን

ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ክፍለ ሀገር ናቸው።

ባለ ሦስት ገጽታ

እኔ ሦስቱንም ብርሃን አስቀምጬ እሞክር ነበር፣ ግን የጣሪያው መብራት ከመስኮቶቹ አንጻር ስንት እጅ እንደሆነ ከፎቶው ማወቅ ይከብዳል። በበሩ እጀታ ሥር ያለውን ጥላ አጉልተህ ላክልን፤ ወደ ስንት አቅጣጫ እንደሚሄድ እንይ።

የሠፈር ደላላ

ባለቤቱ መቼ ነው የሚመለሱት? ያ ቤት ስንት ካሬ ነው?